ቀድሞ የረዘመና ቆይቶ የረዘመ

ጠዋት በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ስትቆሙ ብዙ ጊዜ አጫጭሮቹ ከፊት፣ ረጃጅሞቹ ከኋላ ይደረጋሉ። አሰላለፉ የኋላው እንዲያይ፣ የፊቱ እንዳይከልል የታሰበ ነው እንጂ በማንም ቁመት ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። ነገር ግን ከአምስተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል ባሉት ዓመታት ሰልፉን በትኩረት ያየ ሰው ተራው እንደሚለዋወጥ ያስተውላል። አምና ከፊት የነበረው ልጅ ዘንድሮ መሃል ገብቷል፤ ለሁለት ዓመት የኋላውን መስመር ይዛ የቆየችው ልጅ ደግሞ አንድ ጣት ሳታጥር ወደ ፊት መጥታለች። ይህ መለዋወጥ ከየት ይመጣል? ዛሬ የማስረዳው ይህንኑ ነው። ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው፦ በእናንተ ዕድሜ ሁለት ጓደኛሞች ጀርባ ለጀርባ ቆመው ሲለካኩ የሚለኩት አንድ ነገር ይመስላቸዋል፤ የሚለኩት ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው እያንዳንዳቸው እድገታቸውን ሲጨርሱ የሚደርሱበት ቁመት ነው። ሁለተኛው ወደዚያ ቁመት በሚያደርሰው መንገድ ላይ ዛሬ የት እንዳሉ ነው። ሜትሩ ሁለቱን ደባልቆ አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጣችኋል። ከ11 እስከ 16 ዓመት ባለው ዕድሜ ደግሞ ሁለተኛው ነገር በቁጥሩ ውስጥ የሚይዘው ድርሻ ከምንገምተው በላይ ነው።

ይህን መንገድ በቁጥር ቀድሞ ያሳየን አንድ ፈረንሳዊ አባት ነው። ፊሊቤር ጌኖ ደ ሞንቤያር ለሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1759 ወንድ ልጅ ተወለደለት። ከዚያም ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው፣ እስከ 1777 ድረስ፣ በየስድስት ወሩ ገደማ ቁመቱን እየለካ ጻፈ። ወዳጁ የነበረው ታዋቂው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቡፎን መዝገቡን በመጽሐፉ ውስጥ አወጣው። የመዝገቡ ቁም ነገር ልጁ ስንት ሴንቲሜትር ነበረ የሚለው ሳይሆን ከአንዱ ልኬት እስከ ቀጣዩ ስንት ጨመረ የሚለው ነው። ጭማሪው ብቻ ተነጥሎ ሲታይ ሕፃን እያለ ከሁሉ የበለጠ ነበረ፤ ከዚያ ከዓመት ዓመት እየቀዘቀዘ ሄደ፤ ወደ ጉርምስናው ሲቃረብ እንደገና ተፈናጥሮ ወጣ፤ በመጨረሻም ወርዶ ቆመ። አንድ ልጅ ለሁሉ ማስረጃ አይሆንም ብትሉ ትክክል ናችሁ። ነገር ግን ከእሱ በኋላ በልዩ ልዩ አገሮች ያንኑ ልጅ ከዓመት ዓመት እየተከታተሉ የለኩ ጥናቶች ሁሉ ይህንኑ ቅርጽ አግኝተዋል። ከጉርምስና በፊት ባሉት ዓመታት አንድ ልጅ በዓመት ወደ 5 ሴንቲሜትር ያድጋል። ከዚያ የመመንደጊያው ጊዜ ይመጣና በጣም ፈጣን በሆነችው ዓመት ወንዱ 9 ወይም 10፣ ሴቷ 8 ሴንቲሜትር ያህል ትጨምራለች። ይህን የማያሳልፍ ጤነኛ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። የሚለያየው ያቺ ፈጣን ዓመት የምትመጣበት ጊዜ ነው፤ ለአንዱ በ12፣ ለሌላው በ16 ትመጣለች፤ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው።

የጊዜው መለያየት በአንድ ክፍል ልጆች ቁመት ላይ ምን እንደሚሠራ ያስተዋለው ደግሞ በኋላ በአሜሪካ የሥነ ሰብእ ትምህርት አባት የተባለው ፍራንዝ ቦአስ ነበር። ጊዜው 1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በብዙ የአሜሪካ ተማሪዎች ልኬት ላይ ያየው ነገር ለኔ ከዚህ ሁሉ ትምህርት እጅግ ያማረው ማስረጃ ነው። የአንድ ዕድሜ ልጆችን ብቻ ሰብስባችሁ ብትለኩ በመካከላቸው ያለው መራራቅ በጉርምስና ዕድሜ ይሰፋል፣ በኋላ ግን ተመልሶ ይጠባል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። የ14 ዓመት ልጆች የሚራራቁት አንዳንዶቹ ለዘለዓለም ረጅም፣ አንዳንዶቹ ለዘለዓለም አጭር ስለሆኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ መራራቁ ከዓመት ዓመት ይሰፋ ወይም ባለበት ይቆይ ነበር እንጂ አይጠብም ነበር። የሚጠበው ከልዩነቱ ከፊሉ የብድር ስለሆነ ነው። የቀደሙት ወደ ፍጻሜያቸው ደርሰው ሲቆሙ የዘገዩት ይደርሱባቸዋል። ቦአስ ከዚህ ተነሥቶ ዕድሜ እኩል ሆኖ የእድገት እርምጃ እኩል ላይሆን እንደሚችል ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሳይንስ የዚያኑ ሐሳብ ዝርዝር ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ዝርዝሩን በሁለት ልጆች እንየው። ልጆቹ የሉም፤ ቁጥሮቹ ግን በየጊዜው የሚታየውን ዓይነት እድገት የሚከተሉ ናቸው። አንዱን ሄኖክ፣ ሌላውን ቢንያም እንበላቸው። በአንድ ሳምንት ተወልደዋል፣ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። በ10 ዓመታቸው ሄኖክ 140፣ ቢንያም 137 ሴንቲሜትር ነበሩ፤ የ3 ሴንቲሜትር ልዩነት ማንም አያየውም። ሄኖክ ቀድሞ የሚመነደግ ዓይነት ነው። ከ11 ዓመቱ በኋላ ፈጠነ፤ 13 ዓመት ሊሞላው ባለፈው አንድ ዓመት ብቻ 9 ሴንቲሜትር ጨምሮ 161 ደረሰ። በዚያው ዓመት ቢንያም ያደገው 4 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ 151 ላይ ነው። ይህች 4 ሴንቲሜትር ልብ ልትባል ይገባታል። ከጉርምስናው በፊት የሚመጣው እድገት ልክ ከመፈናጠሩ በፊት ትንሽ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ የሚዘገይ ልጅ ጓደኛው በሚሮጥበት ዓመት እሱ ራሱ ከአምናው ያነሰ ሊያድግ ይችላል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት ሲገጥሙ ልጁ ቆሞ የቀረ ይመስለዋል። በ14 ዓመታቸው ሄኖክ 168፣ ቢንያም 156 ሆኑ። ልዩነቱ 12 ሴንቲሜትር ነው፤ ሄኖክ ድምፁ ጎርንኗል፣ ቢንያምን ደግሞ በመንገድ የሚያየው ሰው ስድስተኛ ክፍል ነህ ብሎ ይጠይቀዋል። አሁን ቀጥሉ። ሄኖክ ከ14 እስከ 15 ዓመቱ 4፣ በሚቀጥለው ዓመት 2፣ ከዚያ 1 ሴንቲሜትር ጨምሮ 175 ላይ አበቃ። ቢንያም ከ14 እስከ 15 ዓመቱ 7፣ ከ15 እስከ 16 ደግሞ 8 ሴንቲሜትር ጨምሮ 171 ደረሰ። 18 ዓመት ሲሞላው 176 ነበር።

የሄኖክ ፈጣን ዓመት 9፣ የቢንያም 8 ሴንቲሜትር መሆኑንም አስተውላችሁ ይሆናል። ቀድሞ የሚመነደግ ልጅ በአብዛኛው ሲመነደግ የበለጠ ይፈጥናል፤ የሚዘገየው ሲመነደግ ፍጥነቱ በመጠኑ ያንሳል፣ ነገር ግን ወደዚያ ከመድረሱ በፊት በልጅነት ፍጥነት የሚያድግባቸው ተጨማሪ ዓመታት ነበሩት። ሂሳቡ መጨረሻ ላይ ይቀራረባል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄዱ ሁለት አውቶቡሶች አንዱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ሌላው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ቢነሡና ረፋድ ላይ የት እንደደረሱ ተጠይቆ አንዱ ደሴ ላይደርስ ነው ቢባል ያስቃል። በ14 ዓመት ላይ ቆሞ በቢንያም መፍረድ ይህንን ይመስላል።

ለምን ግን ቀድሞ የጀመረው ቀድሞ ያቆማል? ዝም ብሎ ማደጉን ቢቀጥል ምን ነበረበት? መልሱ አጥንት ውስጥ ነው። ረጅም አጥንቶቻችን፣ የጭናችን፣ የቅልጥማችን፣ የክንዳችን አጥንቶች፣ ጫፋቸው አጠገብ ስስ የለስላሳ አጥንት ንጣፍ አላቸው። አጥንት የሚረዝመው በመሃሉ እየተለጠጠ አይደለም፤ በዚህ ንጣፍ ላይ አዳዲስ ሕዋሳት እየተባዙ፣ እየተደረደሩ፣ በኋላም ወደ ጠንካራ አጥንት እየተለወጡ ነው። የጉርምስና ሆርሞኖች ሲመጡ ይህን ሥራ ያፋጥኑታል። እነዚያው ሆርሞኖች ግን ንጣፉን እያሳሱ ሄደው በመጨረሻ ወደ አጥንት ይለውጡትና ይዘጉታል። ከተዘጋ በኋላ መርዘም የለም። የሚዘጋው ሆርሞን ደግሞ የሴት ሆርሞን እየተባለ የሚጠራው ኤስትሮጅን ነው፤ ወንዶችም በሰውነታቸው ውስጥ ይሠሩታል። ይህ የታወቀው በተለይ እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ሐኪሞች ስለ አንድ ሰው ሪፖርት ካወጡ በኋላ ነው። ሰውየው በተፈጥሮ ችግር ምክንያት ሰውነቱ ለኤስትሮጅን መልስ አይሰጥም ነበር። የ28 ዓመት ሰው ሆኖ ቁመቱ 204 ሴንቲሜትር ነበር፤ የአጥንቱ ጫፎች እንደ አንድ ጎረምሳ ገና አልተዘጉም፣ እድገቱም አልቆመም ነበር። እንግዲህ ጎረምሳውን የሚያፈናጥረውና የሚያስቆመው አንድ ኃይል ነው። ሄኖክ በ12 ዓመቱ ያገኘው ግፊት የራሱን ማብቂያም ይዞ ነው የመጣው።

ይህ ንጣፍ በዓይን ሊታይ ይችላል። ሐኪም የአንድን ልጅ የእድገት ደረጃ ለማወቅ ሲፈልግ የግራ እጁን፣ ከመዳፉ እስከ አንጓው፣ ራጅ ያነሣል። ለስላሳ አጥንት በራጅ ላይ እንደ ጠንካራው ነጭ ሆኖ ስለማይወጣ ያልተዘጋው ንጣፍ በአጥንቱ ጫፍና በአጥንቱ አካል መካከል እንደ ጥቁር መስመር ይታያል። መስመሩ ሰፊ ከሆነ ገና ብዙ መንገድ አለ፤ ከጠፋ መንገዱ አልቋል። ሐኪሙ ፎቶውን ግሩሊክና ፓይል በተባሉ ሰዎች ስም ከሚጠራ የሥዕል መጽሐፍ ጋር ያመሳክረዋል። ቢንያም በ14 ዓመቱ ቢነሣ የእጁ አጥንት የ12 ዓመት ልጅ ሊመስል ይችላል፤ የሄኖክ ደግሞ የ16። የልደት ቀናቸው አንድ ሆኖ በአጥንት ብስለት አራት ዓመት ይራራቃሉ ማለት ነው። መጽሐፉ እንከን አለበት፤ ፎቶዎቹ የተሰበሰቡት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ከነበሩ፣ ኑሯቸው ከተደላደለ ነጭ ልጆች ስለሆነ ለሌላው ዓለም ልጅ ሁሉ በትክክል ይገጥማል ማለት አይቻልም። የእግር ኳስ ወዳጆች ደግሞ ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ እንደሚያስመረምር ሰምታችሁ ይሆናል። ምርመራው የሚያነበው ያንኑ ንጣፍ ነው። የሚናገረው ግን አጥንቱ ስለ መዘጋቱ ነው፤ የትውልድ ቀን አጥንት ላይ ተጽፎ አይገኝም።

ሴቶች ልጆች እስካሁን ስለ ወንዶች ብቻ አወራህ ብትሉኝ አይፈረድባችሁም። የእናንተ ነገር ያው ነው፣ ጊዜው ግን ሁለት ዓመት ያህል ይቀድማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ቤት ዕድሜ ያወጣው ሠንጠረዥ ላይ የ12 ዓመት ሴት ልጅ የመካከለኛ ቁመት 151 ሴንቲሜትር፣ የ12 ዓመት ወንድ 149 ነው። በ19 ዓመት ግን ሴቷ 163፣ ወንዱ 176 ተኩል ሆኖ ይገኛል። በስድስተኛ ክፍል የሴቶች ጎን ከወንዶች ከፍ ብሎ መታየቱ ከዚህ የመጣ ነው። ወንዱ በኋላ የሚበልጠው ዘግይቶ በመጀመሩ ሁለት ተጨማሪ የልጅነት ዓመታት ስላደገና መመንደጉም ትንሽ ስለሚበልጥ ነው። ከእኩዮቿ ሁሉ ቀድማ ረዝማ፣ ትከሻዋን ሰብራ የምትሄድ፣ ቀውላላ የሚል ስም የወጣላት ልጅ ሌላም ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ። የወር አበባ የሚመጣው ፈጣኗ ዓመት ካለፈች በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በአብዛኛው የሚቀረው 5፣ 6፣ 7 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በ12 ዓመቷ የክፍሉ ረጅም የነበረች ልጅ በ17 ዓመቷ መካከለኛ ልትሆን ትችላለች። ስለ አጫጭር ወንዶች ጭንቀት ብዙ ሲወራ ስለ እነዚህ ልጆች የሚያወራ ሰው ጥቂት መሆኑ ይገርመኛል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ሁሉ ነገር ጊዜ ነው ወይ የሚል ነው። አይደለም። እድገታቸውን የጨረሱ ሰዎችን ብታዩ ከፊሉ 165፣ ከፊሉ 185 ነው፤ ከዚህ አብዛኛው ከወላጅ የተወረሰ ነው። ሁለት አጫጭር ወላጆች ያሉት ልጅ ቆይቶ ቢመነደግም ቁመተ ሎጋ ይሆናል ብዬ ተስፋ አልሰጠውም። መዘግየት ቁመትን አይጨምርም፤ ቀድሞ መጀመርም እንዲሁ። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሌላ ነገር ነው፦ በ14 ዓመት ላይ ቆሞ አጭር ሆኖ የሚቀረውን ልጅና የዘገየውን ልጅ በቁመት ብቻ መለየት አይቻልም፤ ሁለቱም 156 ሴንቲሜትር ናቸው። የሚለያቸው ሌላ ምልክት ነው። አንዱ ምልክት ቤት ውስጥ ይገኛል። የመመንደጊያው ጊዜ ራሱ በዘር ይወርዳል፤ ተመሳሳይ መንታ እኅትማማቾች የመጀመሪያ የወር አበባቸውን በጥቂት ወራት ልዩነት ያያሉ፣ ተመሳሳይ ያልሆኑት መንትዮች ግን ከዚያ ሰፋ ባለ ልዩነት። ስለዚህ አባትህ አሁን ስንት ሴንቲሜትር ነው ከሚለው ይልቅ አባትህ በስንት ዓመቱ ነው የረዘመው፣ እናትሽ የወር አበባዋን በስንት ዓመቷ አየች የሚለው ጥያቄ ስለ ዛሬው ቁመት የበለጠ ይነግራል። አባት ዘጠነኛ ክፍል ድረስ የመጀመሪያው ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር ካለ ጥሩ መረጃ ነው። ሌላው ምልክት ጫማ ነው። በመመንደጊያው ጊዜ የሰውነት ክፍሎች አብረው አይነሡም፤ እግር መዳፉ ይቀድማል፣ ከዚያ ቅልጥምና ጭን፣ ደረትና ወገብ መጨረሻ ላይ። ሱሪው ሳያጥር ጫማ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ከጠበበ ነገሩ እየመጣ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ብልህ ነው። ጓደኛዬ ያሳስታል ካልክ ከአማካይ ጋር ልነጻጸር፣ አማካይ የማንም አይደለም ይላል። ችግሩ እዚያው ላይ ነው፤ የማንም ስላልሆነ የማንንም መንገድ አይመስልም። ሄኖክንና ቢንያምን ደምራችሁ ለሁለት ብታካፍሉ በየዓመቱ ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ገደማ ዝግ እያለ የሚሄድ፣ ያለ ብዙ ግርግር የሚወጣ ሦስተኛ ልጅ ታገኛላችሁ። እንደዚያ ያደገ ልጅ ግን በመካከላቸው የለም። የአንዱ ሩጫ በሌላው ዝግታ ይካካስና ሁለቱም ይጠፋሉ። በግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት የቁመት ሠንጠረዦች ከብዙ ልጆች የተደመሩ በመሆናቸው ይህ ጉድለት አለባቸው። ለትንንሽ ልጆች በጣም ጠቃሚ ናቸው፤ ለሐኪምም ይጠቅማሉ፤ የ13 ዓመት ልጅ ብቻውን ሲያነባቸው ግን ቀድሞ የሚያድገው ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ላይ፣ የሚዘገየው ከመስመሩ ወርዶ ወደ ታች የሄደ ይመስለዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለቱም ወደ መስመራቸው ይመለሳሉ።

በእኛ አገር ነገሩን የሚያወሳስቡ ሁለት ተጨማሪ ጉዳዮች አሉ። አንደኛው ዕድሜ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለትና ሦስት ዓመት የሚበላለጡ ልጆች አብረው ይማራሉ፤ የልደት ቀኑ በትክክል ያልተመዘገበም ብዙ ነው። የእድገት ሰዓታቸው የሚለያይ ልጆች የልደት ዓመታቸውም ከተለያየ የክፍል ጓደኛን በቁመት ማወዳደር ምን ቀረው? ሁለተኛው ምግብ ነው። በልጅነቱ በቂ ምግብ ያላገኘ ልጅ ጉርምስናው ይዘገያል፣ የሚያድግበትም ጊዜ ይረዝማል። ስለዚህ የገጠር ልጅ ከከተማ እኩያው በ14 ዓመቱ በጣም አንሶ ታይቶ በኋላ የልዩነቱን ከፊል ሊያካክስ ይችላል። ሁሉን ግን አያካክስም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የደረሰ መቀንጨር በቁመት ላይ የሚተወው ጉድለት በአብዛኛው አብሮ ይኖራል፤ ጉርምስና ሲመጣ ይስተካከላል ብሎ ሕፃናትን በደንብ አለመመገብ ትልቅ ስሕተት ነው። ለእናንተ ዕድሜ የሚጠቅመው በቂ ምግብና እንቅልፍ ነው። ቁመት ይጨምራሉ ተብለው የሚሸጡ ዱቄቶችና እንክብሎች ግን የተዘጋ ንጣፍ አይከፍቱም፤ ግንድ ላይ መንጠልጠልም አጥንት አያስረዝምም። የሚገኘው ለጥቂት ሰዓታት የሚቆይ የጀርባ መዘርጋት ብቻ ነው።

ሦስተኛውን ተቃውሞ የምሰማው ከስፖርተኞች ነው፤ ይህ ሁሉ እውነት ቢሆንም አሰልጣኙ ዛሬ የሚመርጠው ዛሬ ረጅምና ጠንካራ የሆነውን ነው ይላሉ። እውነት ነው፣ ጉዳቱም እውነተኛ ነው። በ14 ዓመቱ ተከላካይ ሆኖ ኳስ ሁሉ በራሱ የሚያወጣ ልጅ ችሎታው ሳይሆን የእድገት ሰዓቱ ያስመረጠው ሊሆን ይችላል፤ በ18 ዓመቱ ሌሎቹ ሲደርሱበት ቁመት የሸፈነለት የቴክኒክ ጉድለት ይጋለጣል። ያልተመረጠው ደግሞ ሳይረዝም ስፖርቱን ትቶ ሄዷል። በእንግሊዝ የእግር ኳስ አካዳሚዎች ለዚህ አንድ መፍትሔ ሞክረዋል። ልጆቹን በልደት ዓመት ብቻ ከመደልደል ይልቅ አልፎ አልፎ በብስለት ይደለድሏቸዋል፤ አንድ ልጅ ወደፊት ይደርስበታል ተብሎ ከሚገመተው ቁመት ስንት በመቶ ላይ እንዳለ አስልተው፣ ተመሳሳይ ደረጃ ላይ ያሉትን አብረው ያጫውታሉ። ያን ጊዜ ቀድሞ የረዘመው በጉልበት ማለፍ ስለማይችል እግሩንና ጭንቅላቱን ለመጠቀም ይገደዳል፤ የዘገየውም ኳስ ይዞ ለማሰብ ፋታ ያገኛል። እዚህ አገር አሰልጣኝ ይህን ለማድረግ ማሽን አያስፈልገውም፤ የልጆቹን ቁመት በየስድስት ወሩ እየጻፈ ማን እየተመነደገ እንደሆነ፣ ማን እንዳልጀመረ ማወቅ ይበቃዋል።

ይህ መለኪያ ለእናንተም ይሠራል። ከጓደኛችሁ ጋር መለካካቱን ትታችሁ ከስድስት ወር በፊት ከነበረው ራሳችሁ ጋር ተለካኩ። ጫማ አውልቁ፣ ተረከዛችሁንና ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፉ፣ ወደ ፊት ቀጥ ብላችሁ ተመልከቱ፣ ሹሩባም ሆነ ጎፈሬ ፀጉር ወደ ታች ይጫን፣ ሌላ ሰው ደረቅ መጽሐፍ በራሳችሁ ላይ አግድም አድርጎ ግድግዳውን በ90 ዲግሪ እንዲነካ ያስቀምጥና ምልክት ያድርግ። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን፣ ጠዋት ቢሆን ይሻላል። ቀን ሙሉ ቆመን ስንውል በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ትራሶች ስለሚጫኑ ማታ ላይ ከጠዋቱ 1 ሴንቲሜትር ያህል እናጥራለን። በየሳምንቱ መለካት ትርጉም የለውም፤ በሳምንት የምታድጉት ከመለኪያው ስሕተት ያንሳል። ከስድስት ወር በኋላ ያለውን ልዩነት በሁለት ስታባዙ የዓመት ፍጥነታችሁ ይወጣል። 5 አካባቢ ከሆነና የጉርምስና ምልክት ካልታየ የመመንደጊያው ጊዜ ገና ነው። 7 ወይም 8 ከሆነ መመንደጊያው ላይ ናችሁ። ከዚህ ወርዶ ወደ 2 ከሄደና ድምፅ ጎርንኖ፣ ጢም በቅሎ ወይም የወር አበባ ከመጣ ቆይቶ ከሆነ መንገዱ እያለቀ ነው። ከጉርምስና በፊት ሆኖ በዓመት የሚጨመረው ከ4 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ፣ ሴት ልጅ 13 ዓመት ሞልቷት ጡት ካላወጣች፣ 15 ሞልቷት የወር አበባ ካላየች፣ ወንድ 14 ዓመት ሞልቶት የብልት ፍሬው ማደግ ካልጀመረ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሄዶ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። አብዛኞቹ መዘግየት ብቻ ሆነው ይገኛሉ፤ አንዳንዱ ግን የእንቅርት ሆርሞን ማነስ፣ የአንጀት በሽታ ወይም ሌላ ሊታከም የሚችል ነገር ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁም የጓደኞቻችሁን ቁመት ሳይሆን የዛሬ ዓመት የእናንተ ቁመት ስንት እንደነበረ ነው።